ከፋብሪካ ረጅም ፈቃድ ስትጠይቂ፦ ቀኑ፣ ርክክቡ፣ ስልኩ

«ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ 5 ዓመት ሞልቶኛል። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ አሁን እዚሁ አክስቴ ጋ ናት፣ ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ግን መንዝ ቤቴ ካልገባሁ ብላለች፣ ከኔ ሌላ የሚያነሳት የለም። ሁለት ወር ተኩል ገደማ ፈቃድ ብጠይቅ ይሰጡኛል? ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ 24 ቀን አለኝ። የሕመም ፈቃድ ብለሽ ውሰጂ የሚሉኝም አሉ። እዛ ሰፈራችን ደግሞ ኔትወርክ አንዴ አለ አንዴ የለም። ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ?»

እህቴ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ውስጥ ሰው ኃይል ላይ ነው የሰራሁት፣ እንዳንቺ አይነት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ አልፏል፣ ስለዚህ ከዛኛው ወገን ሆኜ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሕመም ፈቃድ የሚሉሽን ተያቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ሰራተኛው ራሱ ሲታመም ነው፣ እናት ስትታመም አይደለም። አንቺ ጤነኛ ሆነሽ የሐኪም ወረቀት ካመጣሽ ወረቀቱ የሐሰት ማስረጃ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ መንዝ እናትሽን ስታስታምሚ ያየሽ ሰው በሳምንቱ ፋብሪካው በር ላይ ያወራዋል። በቅንነት የጠየቅሽው ፈቃድ ቢከለከል ስራሽ አለ፣ ይሄኛው ግን ስራሽን ራሱን ያሳጣሻል።

ታዲያ ምን አለሽ? ለቤተሰብ ጉዳይ አዋጁ የሚሰጠው ጠባብ ነው፣ ለጋብቻና ለሞት 3 የስራ ቀን ከነክፍያው፣ ልዩና አሳሳቢ ነገር ሲገጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ፣ በቃ። ትልቁ መብትሽ የዓመት ፈቃዱ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ስለሚሄድ 5 ዓመት ለሞላው ሰው 18 ይሆናል፣ 24 ያልሽው የዘንድሮው 18 ካለፈው 6 ተርፎሽ ነው ብዬ ልውሰደው። ያ 6 ቀን በጽሁፍ የተላለፈልሽ መሆኑን ሰው ኃይል ሄደሽ ፋይልሽ ላይ እይው፣ የዓመት ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍምና በቃል «አለሽ» የተባልሽውን ይዘሽ ደብዳቤ እንዳትጽፊ።

ከ24 ቀኑ በላይ ያለው ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው፣ ያ ደግሞ የአሠሪው በጎ ፈቃድ እንጂ ግዴታው አይደለም፣ የህብረት ስምምነታችሁ ወይም የውስጥ ደንቡ የተለየ ነገር ካልጻፈ በስተቀር። (የሰራተኛ ማህበር ካላችሁ ህብረት ስምምነቱን ጠይቂና የፈቃድ ክፍሉን አንብቢው፣ እኔ ያየኋቸው አንዳንዶቹ ላይ ከአዋጁ የተሻለ ነገር አለ፣ ሰው ግን አያነበውም።) አሠሪው ከፈቀደ ግን ጥሩ ከለላ አለሽ፣ አዋጁ አንቀጽ 18 ላይ ሰራተኛ ጠይቆ የተሰጠውን ያለ ክፍያ ፈቃድ ውሉ ለጊዜው የሚታገድበት ምክንያት አድርጎ ነው የቆጠረው። ውሉ አይቋረጥም፣ አንቺ አትሰሪም እነሱም አይከፍሉም፣ ጊዜው ሲያልቅ በማግስቱ ባለው የስራ ቀን ከቀረብሽ ወደ ስራሽ ሊመልሱሽ ይገባል። ለዚህ ነው የማብቂያ ቀን የሌለው ፈቃድ አደገኛ የሚሆነው። «እናቴ እስኪሻላት» ብለሽ ብትጽፊ መቼ እንደሚያልቅ አንቺም እነሱም አታውቁም፣ ሲጣሉሽ ደግሞ የሚያልቅበትን ቀን እነሱ ይመርጡታል።

እሺ ቀኑን እንስራው። የስራ ቀን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው ብዬ ልቁጠር። የካቲት 1 ቀን 2018 እሁድ ነው፣ ስለዚህ ሰኞ የካቲት 2 ትጀምሪያለሽ። በሳምንት 6 እየቆጠርሽ ስትሄጂ እስከ ቅዳሜ የካቲት 21 ድረስ 18 ቀን ይሞላል። ቀጣዩ ሰኞ የካቲት 23 የአድዋ በዓል ነው፣ የህዝብ በዓል ከዓመት ፈቃድ አይቆጠርም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው አንድ ቀን የሚበላው። ከማክሰኞ 24 እስከ ቅዳሜ 28 አምስት ቀን፣ ሰኞ የካቲት 30 አንድ ቀን፣ 24 ሞላ። ያለ ክፍያው ማክሰኞ መጋቢት 1 ይጀምራል ማለት ነው፣ ወሩም እዛው ላይ ስለሚለወጥ ለደመወዝ ከፋዩም ቀላል ነው። (ቅዳሜ ግማሽ ቀን ወይም እረፍት ከሆናችሁ ፋብሪካው እንዴት እንደሚቆጥረው ጠይቂና ይሄን አስተካክይው።)

መመለሻው ላይ ፋሲካ አለ። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ማክሰኞ ሚያዝያ 6 እመለሳለሁ ብትዪ በፋሲካ ማግስት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ መኪና ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ባትመጪ ደግሞ «ፋሲካዋን ልትውል ነው ያረዘመችው» ትባያለሽ። እኔ ብሆን ሰኞ ሚያዝያ 12 ብዬ ነው የምጽፈው፣ ዳግማይ ትንሳኤ እሁድ ሚያዝያ 11 አልፎ። ከየካቲት 2 እስከ ሚያዝያ 11 ልክ አስር ሳምንት ነው። ካሰብሽው ሁለት ወር ተኩል በትንሽ ያንሳል፣ ግን አለቃ አይቶ የሚፈርምበት ቁጥር ነው፣ ለተጨማሪው ደግሞ የማራዘሚያ በር ትተሻል።

ደመወዙን አሁኑኑ አስቢው። የየካቲትን ሙሉ ትበያለሽ፣ የመጋቢት የለም፣ የሚያዝያ ከ12 ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ማለትም ፋሲካን የምትውዪው ደመወዝ በሌለበት ወር ነው። የብድርና ቁጠባ ብድር ከደመወዝሽ የሚቆረጥ ከሆነ መጋቢት ላይ የሚቆረጥበት ነገር የለም፣ ማህበሩ ግን ይጠይቅሻል፣ ስለዚህ ሳትሄጂ ሄደሽ አነጋግሪና ወይ ቀድመሽ ክፈዪ ወይ በጽሁፍ አስተላልፊው። የጡረታ መዋጮም ደመወዝ ከሌለ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ረጅም ፈቃድ ሲጠይቅ ደብዳቤውን በሀዘን ይሞላዋል፣ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ሕመሙ፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ እንዲፈቀድልኝ በትህትና» ይልና ይፈርማል። አለቃሽ ግን ያን ሲያነብ የሚያስበው ማክሰኞ ጠዋት ስኳርና ዱቄት ለምርት ክፍል ማን ያወጣል ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያ ጥያቄ ከሱ ላይ ስለሚወድቅ ነው። መልሱን ራስሽ ይዘሽለት ካልሄድሽ ቀላሉ መልስ «አይቻልም፣ የዓመት ፈቃድሽን ብቻ ውሰጂ» ይሆናል።

ስለዚህ ደብዳቤ ከማስገባትሽ በፊት ሁለት ሰው አናግሪ፣ አንደኛ የሚተካሽን፣ ሁለተኛ የቅርብ አለቃሽን። የሚተካሽን ስትመርጪ አንድ ነገር ልብ በይ፣ ግዢ ክፍል ያለውን ጓደኛሽን እንዳታቀርቢ። የገዛው ሰው ራሱ ገቢ አድርጎ ከፈረመ ቁጥጥር የሚባል ነገር አይኖርም፣ ፋይናንስ ወዲያው ይቃወማል፣ ያኔ ደብዳቤሽ ሙሉው ይመለሳል። የተሻለው ረዳትሽ ካለ እሱ፣ ከሌለ ያለቀለት ምርት ስቶር ያለው ሰው የጥሬ ዕቃውን ደርቦ እንዲይዝ ነው፣ ሁለቱ ስቶር ለአንድ ሰው ከበደ ከተባለ የወጪው በፈረቃ ኃላፊ ጥያቄ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን ብለሽ ሀሳብ አቅርቢ፣ ጠዋት አንዴ ከሰዓት አንዴ። ይሄን አይነት ነገር አንቺ ስታነሺው አለቃሽ ፊቱ ይፈታል፣ ስራውን ግማሽ ሰርተሽለታልና።

ርክክብ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፣ ምክንያቱም ለስቶር ሰው ፈቃድ ማለት ርክክብ ነው። ቁልፍ ሰጥቶ መሄድ ርክክብ አይደለም። የማውቃት አንዲት ልጅ ለወሊድ ስትወጣ በድንገት ስለነበረ ቁልፉን ለጓደኛዋ ሰጥታ ሄደች፣ ስትመለስ ቆጠራ ተደረገ ጆንያ ጎደለ፣ የጎደለው እሷ እያለች ይሁን ከሄደች በኋላ የሚለይበት አንድም ወረቀት አልነበረም፣ ሁለቱም ልጆች ሌባ ሳይሆኑ ለወራት ሲጠያየቁ ከረሙ። ጉድለት የሚታወቀው የየዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ያለው ቁጥርና መሬት ላይ ያለው ሲለያይ ነው፣ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን በመሃል የተፈረመ ቆጠራ ካለ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጊው። አርብ ጥር 29 እና ቅዳሜ ጥር 30 ቆጠራ ይሁን፣ አንቺ፣ ተረካቢሽና ከፋይናንስ አንድ ሰው ሆናችሁ። ከዛ በፊት ባሉት ቀናት «በኋላ ይጻፋል» ተብሎ በቁራጭ ወረቀት የወጣ ዕቃ ካለ ለሁሉም የዕቃ ወጪ ሰነድ፣ ኤስአይቪ አስቆርጪበት፣ እያንዳንዱ ስቶር መሳቢያ ውስጥ እንደዚህ አይነት ቁራጭ አለ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ ተረካቢሽ ግን አያውቅም። የርክክብ ሰነዱ ላይ የየዕቃው ብዛት ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው የዕቃ ገቢ ሰነድ፣ የጂአርቪና የኤስአይቪ ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ፣ ማለትም «እስከዚህ ቁጥር የኔ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ያንተ»። የተበላሸ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ መንገድ ላይ ያለና ገና ያልገባ ዕቃ ለየብቻ ይታይ። ሶስት ኮፒ፣ ሶስታችሁም ፈርማችሁ፣ አንዱ አንቺ ጋ መንዝ ይሂድ። የኮምፒውተር ይለፍ ቃልሽን ግን ለማንም አትስጪ፣ ለተረካቢው በራሱ ስም እንዲከፈትለት በዛው ደብዳቤ ጠይቂ፣ በስምሽ የወጣ ዕቃ በስምሽ ነው የሚቆጠረው።

ስልኩ ላይ እንምጣ። «በስልኬ ማግኘት ይቻላል» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አይቻልማ፣ ራስሽ ነግረሽናል። ይሄ ቃል ገብተሽ የማትፈጽሚው ነገር ይሆንና አንድ ቀን ሶስት ጊዜ ደውለው ሲያጡሽ «ስልኳን ዘጋች» ይባላል። ያለውን እውነት ጻፊ፦ ኔትወርክ የሚቆራረጥ መሆኑን፣ አንቺ በሳምንት ሁለት ቀን በተወሰነ ሰዓት ኔትወርክ ወዳለበት እንደምትወጪ፣ ለምሳሌ ረቡዕና ቅዳሜ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት፣ በዛ ሰዓት ስልክሽ ክፍት እንደሆነና በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛ መልእክት እንዲጽፉልሽ። በኛ አካባቢ ዳታ ጠፍቶ ጥሪና መልእክት የሚሰራበት ጊዜ ስላለ ቴሌግራም ላይ መተማመን አይሆንም። ከዛ አንድ መልእክት አድራሽ ስጪያቸው፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ሱቅ ያለው ቢሆን ጥሩ፣ ስልኩ ሁልጊዜ የሚያነሳ ዘመድ፣ እሱ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው ልኮ መልእክቱን የሚያደርስልሽ። አስቀድመሽ አስፈቅጂው፣ ሳያውቅ ሰው ኃይል ሲደውልለት «እሷን አላውቃትም ስልክ ተሳስታችኋል» ያለ ዘመድ አይቻለሁ፣ ሰግቶ ነው።

አስቸኳይ ማለት ምን እንደሆነም አንቺው ወስኚው፣ ካልወሰንሽው ሁሉም ነገር አስቸኳይ ይሆናል። ቆጠራና ሰነድ ላይ አንቺ ብቻ የምታውቂው ነገር ኦዲት ቢጠይቅ፣ ስርቆት ወይም ቃጠሎ ቢደርስ፣ ምርት የሚያቆም የዕቃ ልዩነት ቢገኝ፣ እነዚህ ይደወልልሽ። የትኛው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ ግን ርክክቡ ላይ አለ። ተመለሽ ቢሉሽስ? በዓመት ፈቃዱ ጊዜ፣ ማለትም እስከ የካቲት 30፣ አሠሪ ሰራተኛውን ሊጠራ የሚችለው ያልታሰበ ሁኔታ የሱን መገኘት ግድ ሲያደርገው ነው፣ ከጠራም ለመምጣት የሚወጣውን ትራንስፖርትና አበል አሠሪው ይችላል፣ የቀረው ቀንም አይጠፋብሽም። ያለ ክፍያው ላይ ግን ይሄን በደብዳቤው ራስሽ አስቀምጪው፣ እናትሽን የሚይዝ ሰው እስክታገኚ ሁለት ቀን እንደሚያስፈልግሽ ጨምረሽ።

አንድ ጥሩ ነገር አለሽ ደግሞ፣ እናትሽ ለቀጠሮ ወደ ደብረ ብርሃን መምጣቷ አይቀርም። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ የቀጠሮው ቀን ካለ፣ ለምሳሌ መጋቢት አጋማሽ ከሆነ፣ «በዛ ቀን ፋብሪካ ብቅ ብዬ ያለውን ጥያቄ እመልሳለሁ» በይ። ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ልመና ይበልጣል። የወረቀቱን ኮፒም አያይዢው፣ ለሕመም ፈቃድ ሳይሆን ለምክንያትሽ ማስረጃ።

ደብዳቤው እንግዲህ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ በዚህ መልክ፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድና ያለ ክፍያ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ወላጅ እናቴ በደረሰባት የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በማገገም ላይ ስለምትገኝ እርሷን ለማስታመም ከዚህ በታች ለተመለከተው ጊዜ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከየካቲት 2 እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. 24 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፤ ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለ ክፍያ ፈቃድ። ሰኞ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ።

ሥራዬን አቶ … ተክተው እንዲሠሩ ተነጋግረን ፈቃደኛነታቸውን ገልጸዋል። ጥር 29 እና 30 የፋይናንስ ተወካይ ባለበት ቆጠራና ርክክብ እንድናደርግ እንዲታዘዝልኝ፣ ለተተኪዬም በስማቸው የሲስተም ፈቃድ እንዲከፈት እጠይቃለሁ።

የምገኝበት አካባቢ ኔትወርክ የሚቆራረጥ በመሆኑ ረቡዕና ቅዳሜ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት በስልክ ቁጥር … እገኛለሁ። በሌላ ጊዜ አስቸኳይ ጉዳይ ሲያጋጥም መሐል ሜዳ ከተማ በሚገኙት በአቶ … ስልክ ቁጥር … መልእክት ቢቀመጥልኝ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርሰኛል። ያለ ክፍያ በሚሰጠኝ ፈቃድ ጊዜ በአስቸኳይ ብፈለግ እናቴን የሚይዝ ሰው እስካገኝ ሁለት ቀን እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ማራዘሚያ የሚያስፈልግ ከሆነ እስከ መጋቢት 25 ቀን በጽሑፍ አመለክታለሁ።»

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ግልባጭ ለቅርብ ኃላፊሽና ለፋይናንስ። ከጥምቀት በፊት አስገቢው፣ ከከተራ ጀምሮ ቢሮ ሰው አይገኝም፣ ከዛ ወዲያ ለቆጠራ ጊዜ አይተርፍሽም። ስታስገቢ ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ከነቀኑ ይፈረምልሽና ያንን ያዢው።

መልሱንም በጽሁፍ ያዢ። «ሂጂ ችግር የለም፣ እኛ እናውቃለን» የሚል አለቃ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ግን መጋቢት ላይ ሊዛወር ይችላል፣ አዲሱ ሰው የሚያየው ባዶ ፋይልና የማትመጣ ሰራተኛ ነው። አዋጁ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው ለአምስት የስራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን፣ በጽሁፍ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ እያለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበትን ይፈቅዳል። የስንብት ወረቀት ደግሞ ሰራተኛው ካልተገኘ ፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀን ይለጠፋል። አንቺ መንዝ ሆነሽ የደብረ ብርሃን ሰሌዳ አታነቢም። ስለዚህ ፊርማና ማህተም ያለበት ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ ከፋብሪካው አትውጪ፣ ቀኖቹም ከጠየቅሽው ጋር አንድ መሆናቸውን አንብበሽ፣ አንዳንዴ ያለ ክፍያውን ቀንሰው ይጽፉና ሰው ሳያይ ይሄዳል።

ያለ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ቢከለክሉሽ ደግሞ 24 ቀኑን ተቀበዪና ሂጂ፣ ከዛ የተጻፈውን ቀን አክብረሽ ተመለሺ፣ ሳይፈቀድ «ግድ ነው» ብሎ መቅረት አያዋጣም። ከመመለስሽ በፊት ግን ባሉት 24 ቀናት ውስጥ ምትክ አስታማሚ ፈልጊ፣ ስትመለሺም ስራው ያለ ጉድለት መሄዱን አሳይተሽ እንደገና ጠይቂ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ እሺ ያለ አለቃ አይቻለሁ፣ የፈራው ነገር እንዳልሆነ ስላየ ነው።

መመለሻሽ ደርሶ ከመንዝ ወደ ጣርማበር የሚወጣው መንገድ ቢዘጋብሽ እዛው ቀን መልእክት ላኪ፣ ለአለቃሽም ለሰው ኃይልም፣ መልእክቱን አታጥፊው፣ ከቀበሌም መንገድ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያዢ። የመጣሽ ዕለት ደግሞ ሰው ኃይል ገብተሽ ወደ ስራ የተመለስሽበትን ቀን በጽሁፍ አስመዝግቢ፣ ደመወዝሽ ከዛ ቀን ነው የሚታሰበው። ቁልፉን ከመቀበልሽ በፊት እንደገና ቆጠራ ይሁን፣ ያው ሶስታችሁ ሆናችሁ፣ «ጓደኛዬ ነው ቅር ይለዋል» ብለሽ እንዳትዘዪው።